የመብራት ገመድን ከሐይቅና ከአምባሰል ፎቶ ላይ ማንሳት

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲጓዙ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። እዚያ ቆሞ ካሜራ ያወጣ ሰው ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ውኃው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች፣ ከማዶ የአምባሰል ተራሮች ሁሉም በአንድ ፍሬም ይገባሉ፤ በመካከላቸው ግን የመብራት ገመድ ያልፋል። አንዳንዴ ጥቂት እርምጃ ወደ ታች በመውረድ ገመዱን ከፍሬሙ ማስወጣት ይቻላል፤ ከተቻለ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥሩው እይታ ያለው ገመዱ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ያኔ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ይዛወራል።

ይህ መመሪያ በፎቶሾፕ ክሎን ስታምፕና ሂሊንግ ብረሽ ገመዱን አንስቶ፣ የተነሳበት ቦታ ላይ የተደጋገመ ምልክት ሳይተው እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። ምሳሌ የማደርገው ፎቶ ከከፍታ ላይ የተነሳ ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከሥሩ የአምባሰል ገደሎች፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦና እርከን ያለበት ተዳፋት፣ ከታች ውኃው ይታያል። ሦስት ገመዶች ከግራ ላይኛው ጥግ ተነስተው ጎበጥ እያሉ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፤ ሰማዩን፣ የተራራውን ጫፍ፣ ተዳፋቱንና የውኃውን ዳር በተራ ያቋርጣሉ። የፎቶው ስፋት 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ገመድ ወደ 6 ፒክስል ይወፍራል።

መሣሪያ ከመያዝዎ በፊት አንድ ነገር ይረዱ። ዓይን ድግግሞሽን የሚይዘው በሣሩ ወይም በድንጋዩ ልስላሴና ሻካራነት አይደለም፤ በምልክት ነው። አንድ ነጭ ድንጋይ፣ ለብቻው የቆመ ቁጥቋጦ፣ በገደሉ ላይ ያለ ጥቁር ስንጥቅ ሁሉ ምልክት ነው። ክሎን ስታምፕ ምልክቱን ከነቦታው ይቀዳል፤ ከዚያ አንድ ዓይነት ሁለት ድንጋይ፣ በአንድ ዓይነት ርቀትና በአንድ ዓይነት አቅጣጫ ይታያሉ። ተመልካቹ ምን እንዳየ ባያውቅም የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማዋል። ስለዚህ የሚቀዱበትን ቦታ ሲመርጡ ጥያቄዎ «ይህ ቦታ ይመሳሰላል?» ብቻ ሳይሆን «እዚህ ውስጥ የሚታወቅ ምልክት አለ?» የሚልም ይሁን።

ገመድ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ረጅም ነው። ከገመዱ በላይ ካለው ቦታ ቀድተው በአንድ ትንፋሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጎትቱ፣ ከላይ ያለው ረጅም ክር መሰል ቁራጭ እንዳለ ታች ይደገማል። ሰማይ ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ተዳፋቱ ላይ ግን እያንዳንዱ ቁጥቋጦ መንትያ ያገኛል፤ መንትዮቹም እንደ ወታደር ይሰለፋሉ።

በዝግጅቱ እንጀምር። የሌንሱን የቀለም ጠርዝ ማረሚያ መጀመሪያ ያድርጉ። ከሰማይ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ጥቁር ገመድ ብዙ ጊዜ በጎኑ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጭረት ይኖረዋል፤ ካልታረመ ገመዱ ከጠፋ በኋላ ጭረቱ ይቀራል። ምስሉን የማጥራት ሥራ፣ ማለትም ሻርፕ ማድረግ፣ ግን መጨረሻ ላይ ይሁን። ቀድሞ የተጠራ ፎቶ በገመዱ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ መስመር ያወጣል። ፎቶው የመጣልዎት ተጠርቶ ከሆነ ያንን ነጣ ያለ መስመር የገመዱ አካል አድርገው ይቁጠሩት፤ 6 ፒክስል የነበረው 10 ሊሆን ነው ማለት ነው።

ከዚያ በፎቶው ላይ ቀለም አይቀቡ። Ctrl+Shift+N ተጭነው ባዶ ሌየር ይክፈቱ፤ አንድ ለሰማይ፣ አንድ ለመሬት፣ አንድ ለውኃ ቢሆን ይመረጣል። በሁለቱም መሣሪያዎች ላይኛው አሞሌ Sample የሚለውን Current & Below ላይ ያድርጉ፤ እንዲህ ሲሆን መሣሪያው ከታች ካለው ፎቶ ቀድቶ በባዶው ሌየር ላይ ያሳርፋል። አንድ ቦታ ካላማረዎት ያንን ቦታ ብቻ በኢሬዘር ያጠፋሉ፤ ዋናው ፎቶ አይነካም። Aligned የሚለውንም ምልክት ያድርጉበት። ምልክቱ ከሌለ እያንዳንዱ አዲስ ቅብ ከመጀመሪያው ነጥብ ይቀዳል፤ ያ አንድን የማህተም ምት ደጋግሞ የማሳረፍ ዋነኛ ምንጭ ነው።

የሁለቱን መሣሪያዎች ልዩነት ያላወቀ ሰው በተራራው ጫፍ ላይ ይሰናከላል። ክሎን ስታምፕ ያየውን እንዳለ ይቀዳል፤ ቀለሙንም፣ ብርሃኑንም፣ ዝርዝሩንም። በፎቶሾፕ 7 በ2002 እ.ኤ.አ. የመጣው ሂሊንግ ብረሽ ግን ከምንጩ የሚወስደው ዝርዝሩን ብቻ ነው፤ ቀለሙንና ብርሃኑን የሚበደረው ከሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ነው። ሰማይ ላይ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የሰማዩ ሰማያዊነት ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲለወጥ መሣሪያው ራሱ ያስተካክለዋል። ገመዱ ተራራውን በሚያቋርጥበት ነጥብ ላይ ግን ዙሪያው ግማሹ ደማቅ ሰማይ፣ ግማሹ ጥቁር ገደል ነው። ሂሊንግ ብረሽ ሁለቱንም ይበደርና በጫፉ ላይ ጭስ የመሰለ እድፍ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ገመዱን በመገናኛዎቹ ላይ በክሎን ስታምፕ ይቁረጡት፤ ከዚያ የተቆራረጠውን ገመድ በየሜዳው በሂሊንግ ብረሽ ያንሱት። ብዙ ሰው ከሰማዩ ይጀምርና ወደ ተራራው ሲደርስ ይጨነቃል። ከመገናኛው የጀመረ ሰው ግን ሂሊንግ ብረሹ ጠርዝ ሊነካ የሚችልበትን ዕድል አስቀድሞ ይዘጋል።

የተራራውን ጫፍ እንውሰድ። S ተጭነው ክሎን ስታምፕ ይያዙ፤ ፎቶውን 200 ከመቶ ያቅርቡት። ብረሹ ከገመዱ ጥቂት ይስፋ፤ በኛ ምሳሌ 14 ፒክስል ይበቃል። የጠርዙን ጥንካሬ 70 ወይም 80 ከመቶ፣ ኦፓሲቲውን 100 ያድርጉ። ብዙ መምህራን ፈጽሞ የለሰለሰ ብረሽ ይመክራሉ፤ እኔ አልስማማም። በለሰለሰው ጠርዝ ላይ አሮጌውና አዲሱ ፒክስል ይደባለቃሉ፤ ሲደባለቁ የካሜራው ኖይዝ ይቀንሳል፤ ገመዱ የነበረበት መስመር ከዙሪያው ይልቅ የታጠበ መስሎ ይወጣል። ኦፓሲቲ 50 ላይ ማድረግም ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

አሁን ከገመዱ ጎን፣ ጫፉ ላይ ራሱ፣ ሰማዩና ገደሉ የሚነካኩበትን ነጥብ ያግኙ። Alt ይዘው እዚያው መስመር ላይ ይጫኑ። ከዚያ ብረሹን ወደ ገመዱ ወስደው ያንኑ የጫፍ መስመር በትክክል ይግጠሙት፤ ብረሹ ውስጥ የሚታየው ቅድመ እይታ ለዚህ ይረዳዎታል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ። መስመሩ ከተሰበረ Ctrl+Z ብለው እንደገና ይግጠሙ፤ በላዩ ላይ እየደራረቡ ለማቃናት አይሞክሩ።

እዚህ ላይ ለአምባሰል ልጆች ማሰብ ያስፈልጋል። እዚያ ያደገ ሰው የተራራውን ጫፍ እያንዳንዱን ጉብታና ስርጉድ ያውቀዋል። ጫፉን ከሌላ ተራራ ጫፍ ቀድተው ቢጠግኑት ለባዕድ ተመልካች ያምራል፤ ለአገሬው ግን የማያውቀው ተራራ ይሆንበታል። ከገመዱ አጠገብ ካለው፣ ከጥቂት ፒክስል ርቀት ይቅዱ፤ ገመዱ የሸፈነው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ከአጠገቡ የተቀዳው ከእውነተኛው ብዙ አይርቅም።

ጫፉ ከተቆረጠ በኋላ ገደሉ ይከተላል። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደራረበ የባዛልት ፍሰት የተሠራ ነው፤ ገደሎቹም ደረጃ በደረጃ አግድም የተነባበሩ ናቸው። ይህ ለሥራችን ቀጥተኛ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ሁልጊዜ ከዚያው ንብርብር፣ ወደ ጎን ይቅዱ። ከላይኛው ንብርብር ወደ ታች ከቀዱ ጥቁሩ ገደል በሣር በለበሰው መደብ ላይ ይሰነቀራል። ንብርብሮቹ የሚገናኙባቸውን መስመሮች ልክ እንደ ተራራው ጫፍ በክሎን ስታምፕ ይቁረጡ። በመካከላቸው ያለውን ሰፊ ቦታ ለሂሊንግ ብረሽ ይተዉት።

ወደ ሰማዩ ይመለሱ። አሁን በሰማዩ ላይ ያለው ገመድ ከተራራው የተለየ ቁራጭ ነው። ሂሊንግ ብረሽን ይያዙ፤ J ሲጫኑ ሌላ መሣሪያ ከመጣ Shift+J እያሉ ይቀያይሩ። ከአሞሌው ላይ Mode የሚለውን Replace ቢያደርጉ በጠርዙ ላይ ያለው ኖይዝ ይጠበቃል። Diffusion የሚለው ቁጥር ኖይዝ ላለው ሰማይ ዝቅ፣ ፍጹም ለለሰለሰ ሰማይ ከፍ ይበል።

ሁለት ነጥብ መካከል Shift ይዞ በመጫን ቀጥ ያለ ቅብ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ገመድ በክብደቱ ስለሚጎብጥ ረጅም ቀጥታ መስመር መካከሉ ላይ ገመዱን ይስታል። አጫጭር ቁራጭ አድርገው ይሂዱ። ከዚያ የሚሻለው በፔን ቱል የገመዱን ጉብጠት ተከትሎ ፓዝ መሳል ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ይበቃል። ከፓዙ መነሻ ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ካለ ንጹሕ ሰማይ በ Alt ይቅዱ፤ ርቀቱ የብረሹ ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ይሁን። ከዚያ በ Paths ፓነል ላይ Stroke Path ይበሉና Healing Brush ይምረጡ። ገመዱ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይነሳል። ሦስቱን ገመዶች ሲያነሱ ሁሉንም ከላይ አይቅዱ፤ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ይቅዱ፤ ምንጩ ጎረቤት ገመድ ላይ እንዳያርፍም ይጠንቀቁ፤ ካረፈ የሌላው ገመድ ምስል ይቀዳል።

ደመና ካለ ፓዙን በደመናው ጠርዝ ላይ ያቋርጡት። የደመና ጠርዝ ለስላሳ ስለሆነ ሂሊንግ ብረሹ ብዙ አያበላሸውም፤ ምንጩ ግን የደመናው ጠርዝ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። ከጠራ ሰማይ ወደ ደመና ከቀዱ ደመናው ላይ ባዶ ጉድጓድ ይወጣል።

ትልቁ ሥራ ተዳፋቱ ላይ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ አይሞክሩ። በዓይንዎ ይከፋፍሉት፤ ቁጥቋጦ ያለበት፣ ባዶ አፈር የሆነበት፣ እርከኑ የሚያልፍበት፣ የማሽላው ማሳ። ለእያንዳንዱ የራሱን ምንጭ ይስጡ። በአንዱ ክፍል ውስጥም ሁለት ወይም ሦስት ቅብ ካደረጉ በኋላ ምንጩን በ Alt ይቀይሩ፤ አንዴ ከግራ በላይ፣ አንዴ ከቀኝ በታች፣ አንዴ ራቅ ካለ ቦታ። ርቀቱም አቅጣጫውም ካልተለወጠ መንትዮቹ ይሰለፋሉ፤ ከተለወጠ ግን ቢኖሩም እንኳ ዓይን አያገናኛቸውም።

ምንጩን በገመዱ መስመር ላይ፣ ከፊት ወይም ከኋላ፣ አያድርጉ። ቅቡ ሲሄድ ምንጩም ይሄዳልና ገና ያልተነሳው ገመድ ላይ ያርፋል፤ ያነሱትን ገመድ መልሰው ይቀቡታል። አስቀድመው ከጠገኑት ቦታም አይቅዱ፤ የተቀዳ ሲቀዳ ነው ድግግሞሹ ሦስትና አራት የሚሆነው። ንጹሕ ምንጭ ካጡ ከ Window ዝርዝር ውስጥ Clone Source ፓነልን ይክፈቱ። እዚያ ምንጩን በጥቂት ዲግሪ ማዞር ወይም መጠኑን 90 ወይም 110 ከመቶ ማድረግ ይቻላል። አንድ ድንጋይ 12 ዲግሪ ሲዞርና ትንሽ ሲያንስ መንትያው መሆኑ ይጠፋል። በፓነሉ ላይ ግራና ቀኝ የሚገለብጠውን ቁልፍ ግን ፀሐይ በጎን ስትመታ በተነሳ ፎቶ ላይ አይንኩት። ድንጋዩ ሲገለበጥ ጥላውም ይገለበጣል፤ በአንድ ተዳፋት ላይ ሁለት ፀሐይ የወጣ ይመስላል።

እርከኖቹ የክሎን ስታምፕ ሥራ ናቸው። በእርከኑ መስመር ላይ ቀድተው ያንኑ መስመር ይግጠሙ። የማሽላው ማሳ ተራ ተራ ሆኖ ከተዘራም የተራውን አቅጣጫ ይከተሉ። ጤፍ ማሳ ግን ወጥ ስለሆነ ሂሊንግ ብረሹ በቀላሉ ይወጣዋል።

ውኃው አንድ ሕግ አለው። ሞገዱ ወደ ካሜራው ሲቀርብ ትልቅ፣ ወደ ማዶ ሲርቅ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ውኃ ላይ ምንጩ ከገመዱ ጋር በአንድ ከፍታ፣ ወደ ጎን ብቻ ይሁን። ከታች ከቀዱ የቅርቡ ትልቅ ሞገድ በሩቁ ትንሽ ሞገድ መካከል ይገባና ውኃው ያበጠ ይመስላል። የፀሐይ ብልጭታዎች ምልክት ናቸው፤ ብልጭታ ያለበትን ቦታ ምንጭ አያድርጉ። ገመዱ ከባሕሩ ዳር ቄጠማ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እንደ ተራራው ጫፍ በክሎን ስታምፕ ይቁረጡ። ጠርዙ የተወሳሰበ ሆኖ ሂሊንግ ብረሽ ካስፈለገዎት በላሶ የውኃውን ወገን ብቻ መርጠው በምርጫው ውስጥ ይቀቡ፤ ምርጫው የቄጠማው ጥቁረት ወደ ውኃው እንዳይፈስ ይከላከላል።

በጊምፕ የሚሠሩም ይህንኑ ቅደም ተከተል መከተል ይችላሉ። እዚያ ክሎን C፣ ሂል H ነው፤ ምንጭ የሚወሰደው በ Alt ሳይሆን በ Ctrl ነው። በባዶ ሌየር ፋንታ የፎቶውን ቅጂ ሌየር አድርገው በእሱ ላይ ይሥሩ።

ገመዱ ከጠፋ በኋላ ከእሱ ጋር የነበሩትን ይፈልጉ። በረጋ ውኃ ላይ የገመዱ ነጸብራቅ ይኖራል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በተዳፋቱ ላይ የፖሉ ጥላ ይተኛል። ገመዱ ላይ የተቀመጠ ወፍ ካለ እሱም ይነሳ፤ ክንፉን አጥፎ በባዶ አየር ላይ የተቀመጠ ወፍ ሁሉን ነገር ያጋልጣል። ፖሉ ፍሬም ውስጥ ከቀረ ገመድ የሌለው ፖል ለምን እንደቆመ ተመልካቹ ይጠይቃል፤ ወይ ያንሱት ወይ ፎቶውን ይከርክሙ።

ቀጥሎ ፍተሻ። ከሁሉም በላይ አንድ Curves ሌየር አስቀምጠው መስመሩን በጣም አቀበታማ ያድርጉት፤ ፎቶው አስቀያሚ ይሆናል፤ በሰማዩ ላይ የተደበቀ ጭረትና በሜዳው ላይ የተደገመ ነገር ግን ወዲያው ይወጣል። የመሃሉን ነጥብ ወደ ጨለማውና ወደ ብርሃኑ እያዘዋወሩ ሁለቱንም ወገን ይዩ። ከዚያ ሌየሩን ይዝጉትና ፎቶውን 25 ከመቶ ድረስ ያሳንሱት። 200 ከመቶ ላይ ሥራው ሁሉ ያማረ ይመስላል፤ የተሰለፉ መንትዮች የሚታዩት ሲርቅ ነው። ምስሉን በአግድም ገልብጠው ማየትም ይረዳል፤ የለመደ ዓይን ያለፈው ስህተት ተገልብጦ ሲመጣ ይታወቃል።

መንትያ ሲያገኙ ሁለቱንም መንካት አያስፈልግም። እውነተኛውን ይተዉት፤ ቅጂው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ፣ ለምሳሌ ነጩን ድንጋይ፣ በትንሽ ብረሽ ከሦስተኛ ቦታ በተቀዳ አፈር ይሸፍኑት። ዙሪያው ቢመሳሰልም ምልክቱ ከጠፋ መንትያነቱ ይጠፋል።

አንድ ወሰን አለ። ገመዱ በእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ፊት የሚያልፍ ከሆነ በጣም በጥንቃቄ፣ አለዚያም ጨርሶ አለመንካት ይሻላል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የዚህ ገዳም ፎቶ ነገ ለታሪክ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ያልነበረ ቅርንጫፍ በውስጡ መኖር የለበትም።

ለቀን መቁጠሪያ፣ ለፖስተር ወይም ለቤት ግድግዳ ገመዱን ማንሳት ነውር የለውም። ለዜና ግን አይቻልም። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2014 እ.ኤ.አ. ከፎቶ ጋዜጠኛው ናርሲሶ ኮንትሬራስ ጋር ግንኙነቱን ያቋረጠው፣ ከሶሪያ በላከው አንድ ፎቶ ጥግ ላይ ይታይ የነበረውን የሥራ ባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ በማጥፋቱ ነበር። ስለዚህ ያልተነካውን ፋይል ከተሠራው ጋር አብረው ያስቀምጡ፤ ፎቶውን ለጋዜጣ ወይም ለውድድር የሚጠይቅዎት ሰው ሲመጣ ገመዱ ያለበትን ይስጡት።